ጉድጓዱ ውሃ አልሰርግ አለ፤ ብልቃጡ ግን አሸዋ ነው ይላል

የዱከሟ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ስድስት የአቮካዶ ችግኝ ተክያለሁ። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ነው። የሰኞው ዝናብ ውሃ እስከ ዛሬ ሐሙስ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተኛ ነው። የሁለቱ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። አፈሩን በብልቃጥ በጥብጬ አይቼዋለሁ። ከረጋው 10 ሴንቲ ውስጥ 5ቱ አሸዋ፣ 3ቱ ደለል፣ 2ቱ ሸክላ ነው። ግማሹ አሸዋ ከሆነ ለምን አይሰርግም?

ቀልደኛው፦ ፎገራ ሆኖልሻል። አቮካዶውን ንቀይና ሩዝ ዝሪበት።

የማሚ ጓሮ፦ ቢጫ ቅጠል ማለት ማዳበሪያ አጥሮታል ማለት ነው። ዩሪያ ጣል አድርጊበት።

አፈር ቆፋሪ፦ ዩሪያውን ተዪው! ሥሩ በውሃ ታፍኖ ነው፤ የታፈነ ሥር ምኑን ይመገባል? መጀመሪያ ውሃውን በጣሳ ቅጂው። ለመሆኑ ብልቃጥ ውስጥ የጨመርሽውን አፈር ከየት ነው የወሰድሽው?

የዱከሟ፦ ከግቢያችን ነዋ። ከችግኙ አጠገብ፣ ከላይ።

ሰበታ፦ ምን ያስጨንቃል፣ አንድ ጋሪ አሸዋ አስመጥተሽ ጉድጓዱ ውስጥ ቀላቅይው። አሸዋ ውሃ ያሳልፋል።

አፈር ቆፋሪ፦ አሸዋ ብቻውን ሲሆን ያሳልፋል፣ ልክ ነህ። ሸክላ ውስጥ ሲገባ ግን ሸክላው በአሸዋው መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። ለውጥ እንዲመጣ አፈሩ በአብዛኛው አሸዋ መሆን አለበት፤ ያንን ደግሞ አንድ ጋሪ አይችለውም። በዚያ ላይ ዙሪያው ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ ገንዳ ነው። የፈለግከውን ሙላበት፣ ውሃው መውጫ የለውም።

የዱከሟ፣ ግቢ ሲሠራ ቀይ አፈር አስደፍታችሁ ነበር?

የዱከሟ፦ አዎ! አምና ሁለት መኪና። እሱ ምን አገናኘው?

አፈር ቆፋሪ፦ የለካሽው ያንን ነዋ። አሁን ከጉድጓዱ ወለል እንቁላል የምታህል አፈር አውጪ። ጠጠሩን ልቀሚ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ እንደ ሊጥ እሺው። ቶሎ አትተዪው፤ ያልፈረሰ ጓል አሸዋ መስሎ ያታልላል። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መሃል እየጨመቅሽ እንደ ጥብጣብ ወደ ላይ ግፊው። 2 ሴንቲ ተኩል ሳይሞላ ከተቆረጠ ሸክላው ጥቂት ነው። እስከ 5 ከሄደ መካከለኛ ነው። 5 አልፎ ከተንጠለጠለ ሸክላ ነው።

ብልቃጡንም ድገሚው። አፈሩ ይድረቅ፣ ይድቀቅ፣ በወንፊት ይለፍ። የብልቃጡን ሲሶ ያህል ጨምሪ፣ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና አክለሽ አሥር ደቂቃ ናጪው። ሳሙናው የተጣበቀውን ሸክላ ይበትነዋል። ባስቀመጥሽው በአንድ ደቂቃ የረጋው አሸዋ ነው፤ እዚያ ላይ መስመር አስምሪ። በሁለት ሰዓት ሌላ መስመር፣ በመሃሉ ያለው ደለል ነው። ሸክላው አንድም ሁለትም ቀን ይፈልጋል።

ዳላስ ነኝ፦ እዚህም ጥቁር አፈር አለ፤ በጋ ሲሰነጠቅ የቤታችንን መሠረት አሰነጠቀው። እኛ በበጋ ውሃ የምናጠጣው ቤቱን ነው፤ ግድግዳው ሥር ጎማ ዘርግተን። ዋልካ ከሆነ ከእሱ ጋር አትጣዪ።

የዱከሟ፦ ጥብጣቡ 7 ሴንቲ ሆነ! ጥቁር ነው፣ እጄን አልለቅ አለ። ብልቃጡ በአንድ ደቂቃ 1 ሴንቲ፣ በሁለት ሰዓት በድምሩ 3 ደረሰ። በማግስቱ ግን ውሃው አሁንም ድፍርስ ነው። ሳሙና አበዛሁ?

አፈር ቆፋሪ፦ አላበዛሽም። ያ ድፍርሱ ራሱ ሸክላው ነው። ሲረጋ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ቁመቱ ከልኩ በላይ ሊመስል ይችላል፤ የእጅሽን 7 ሴንቲ የበለጠ አምናለሁ። ዋልካ በበጋ በስንጥቁ በኩል ውሃ ይጠጣል። ሲረጥብ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው እዚህ ግባ አይባልም።

ስለዚህ ወደ ላይ ትከዪ። ጉድጓዱን መልሰሽ ድፈኚው። ያንን ቀይ አፈር ከኮምፖስት ጋር ከ60 ሴንቲ በላይ ከምሪ፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ይብለጥ፣ ችግኙን እሱ ላይ አድርጊ። በዙሪያው ወደ ተዳፋቱ የሚወርድ ቦይ አውጪ። የእነዋሪ ገበሬዎች ስንዴያቸውን በክረምት የሚያድኑት በሰፋፊ መደብና በቦይ ነው።

የማሚ ጓሮ፦ ቦዩ ጎረቤት ግቢ ቢገባስ?

ሰበታ፦ እኔ ግን አሸዋ ጨምሬ ለቃሪያ ሠርቶልኛል።

አፈር ቆፋሪ፦ ቃሪያህ መደብ ላይ ነው ወይስ ጉድጓድ ውስጥ?

ሰበታ፦ መደብ ላይ።

ቀልደኛው፦ ተያዝክ።

አፈር ቆፋሪ፦ የዱከሟ፣ ቢጫ የሆኑትን ስታነሺ ሥራቸውን እዪው። ጥቁርና ተሰባሪ ከሆነ በስብሷል፣ መልሰሽ አትትከዪው። ነጣ ያለ ካለው ይተርፍ ይሆናል። ግቢሽ ተዳፋት አለው ግን?