የዕቅዱ ክፍል 3፦ ማኔኪን ይገዛ ወይስ የመቁረጫ ጠረጴዛ?

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከዕቅዳችን ያልተዘጋው የጋራ መሥሪያ ክፍሉን ዕቃዎች የሚመለከተው ክፍል ብቻ ነው። እሑድ ስንሰበሰብ ግማሻችን ማኔኪን፣ ግማሻችን ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ ብለን ተለያይተን መጣን። በቃለ ጉባኤው ያሰፈርኩት ረቂቅ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ ስድስት ማኔኪን ይገዛል፤ አባላትም ማንኛውንም የሴት ቀሚስ በማኔኪን ላይ እየቀረጹ እንዲሠሩ ይሠለጥናሉ።» ይህን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉልኝ። የምትቃወሙ የትኛውን ሥራ አስባችሁ እንደምትቃወሙ ጻፉ፤ እሑድ ዕለት አንዳችን ስለ ሙሽራ ልብስ ሌላችን ስለ ዩኒፎርም እያወራን ነበር የተጨቃጨቅነው።

ጋሽ ዳንጊሶ
እኔ ለዚህ ነገር ገንዘብ ማውጣቱ አልገባኝም። ሱቄ መስታወት ውስጥ ሁለት አሻንጉሊቶች ቆመው አቧራ ይለብሳሉ። አንዱን ለማኅበሩ በነጻ እሰጣለሁ፤ ሌሎቻችሁም እንደዚያው ብታደርጉ ስድስቱ ይሞላል። ገንዘቡ ለኦቨርሎክ ማሽን ይዋል።

ሚኪያስ
ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር በገንዘቡ እስማማለሁ፣ በምክንያቱ ግን አይደለም። እኔ ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የምሰፋው። መቶ ሃያ ሸሚዝ በአምስት ቁጥር ሲታዘዝ ማኔኪን ላይ ማን ይቀርጻል? አንዱን ቁጥር ወረቀት ላይ አሳምሬ ካወጣሁ፣ ከቁጥር ቁጥር ደረቱ በአራት ሴንቲሜትር ስለሚጨምር በሩብ ፓተርኔ ላይ አንድ ሴንቲሜትር እየጨመርኩ እወጣለሁ። ትከሻው፣ አንገቱና እጅጌው የየራሳቸው አነስተኛ ጭማሪ አላቸው። አምስቱም በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ፤ በሚቀጥለው መስከረምም ያው ካርቶን ይሠራል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎችም የሚያባዙት በዚህ መንገድ ነው። ከዚህም አልፌ ልናገር፦ ማኔኪን ላይ የሚወጣ ማንኛውም ቅድ ወረቀት ላይም ይወጣል። መሠረታዊውን የደረት ፓተርን ይዞ፣ የጡቱን እጥፋት ዘግቶ፣ በሌላ ቦታ ቀዶ መክፈት ነው። ማኔኪን ሒሳብ ለሚፈሩ ነው።

እትዬ አስቴር
መጀመሪያ ለጋሽ ዳንጊሶ። እርስዎ ያሉት የማሳያ አሻንጉሊት ነው። ልግስናዎ ይመስገን፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አካሉ ደረቅ ስለሆነ ስፒል አይገባበትም፤ ወገቡም ልብስ እንዲያምርበት ተብሎ ከእውነተኛ ሴት ወገብ ቀጥኖ የተሠራ ነው። በእሱ ልክ የተቆረጠ ቀሚስ መስታወት ውስጥ ያምርና ደንበኛዋ ላይ አይዘጋም። እኛ የምንፈልገው ላዩ ጨርቅ የለበሰ፣ ውስጡ ስፒል እስከ ግማሽ የሚያስገባ፣ በከባድ እግር የቆመ የመሥሪያ ማኔኪን ነው።

አሁን ወደ ሚኪያስ። ስለ ዩኒፎርሙ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ለሸሚዝ ማኔኪን የሚጠይቅ ሰው ጊዜውን ያባክናል። «ማንኛውም ቅድ» ያልከው ላይ ግን ልያዝህ። ደንበኞች በስልካቸው ፎቶ እያሳዩ የሚያዙንን፣ ከአንገት ሥር እንደ ሞገድ ተልፈስፍሶ የሚወርደውን ቀሚስ አስብ። ባለፈው ወር አንዱን በሁለቱም መንገድ ሠርቼዋለሁ።

ወረቀት ላይ አንተ እንዳልከው አደረግሁ። የጡቱን እጥፋት ዘጋሁ፣ ትርፉን ወደ አንገት ከፈትኩ፣ የአንገቱን ጠርዝ ከመካከለኛው መስመር ጋር ቀጤ ማዕዘን እንዲሠራ አድርጌ አሰመርኩ። አንድ ሞገድ ወጣ፣ መጥፎም አልነበረም። ደንበኛዋ የፈለገችው ግን ሦስት ነበር፤ ሁለተኛው የት እንደሚጀምር ወረቀቱ አይነግረኝም። እየገመትኩ ከፈትኩ፣ ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ማኔኪን ላይ ወጣሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሳቲን ወስጄ ከጥግ እስከ ጥግ በጠመኔ አሰመርኩና መስመሩን በማኔኪኑ መካከል፣ ከአንገት እስከ እምብርት በሚወርደው ላይ አዋልኩት። ጨርቁ በሰያፍ ዋለ ማለት ነው። ድሩና ማጉ በሰያፍ ሲንጠለጠሉ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ሞገዱ ክብ ሆኖ የሚወርደው ለዚህ ነው። ያንኑ ሳቲን ቀጥ አድርጋችሁ ብታንጠለጥሉት ሞገድ ሳይሆን የተሰበረ ማዕዘን ነው የሚሠራው። የላይኛውን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፌ የታጠፈውን ጠርዝ አንገት አደረግሁት። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 24 ሴንቲሜትር ነበር፤ ለዚያ ርቀት 36 ሴንቲሜትር ጠርዝ ስሰጠው የመጀመሪያው ሞገድ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወረደ። ለሁለተኛው ጨርቁን ከጎን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ትከሻው ላይ በትንሽ እጥፍ ያዝኩት። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሲበዛብኝ ስፒሉን ነቅዬ መለስኩ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ የተቆረጠም የተሰፋም ነገር የለም። የጡቱ እጥፋት የት ገባ ብትሉኝ፣ በጡት ዙሪያ የሚተርፈው ጨርቅ ሁሉ ወደ ሞገዱ ስለሄደ ሌላ እጥፋት አላስፈለገውም።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትከሻውን፣ የብብቱን ክብና የጎኑን ስፌት በአንድ ወገን ብቻ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ጨርቁን አውርጄ፣ በመካከለኛው መስመር አጥፌ ሁለቱን ወገኖች አስተካከልኩ። ከዚያ በማስመሪያ አቃንቼ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ስለዚህ ጠረጴዛው ሳይኖር ማኔኪኑ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ሚኪያስ
እሺ፣ «ማንኛውም» ያልኩትን አነሳለሁ። ግን በአቡጀዲ ቢሞከር አይረክስም ነበር? በሳቲን መሞከር ውድ ነው።

እትዬ አስቴር
ለተጣበቀ ደረትና ለኮት አቡጀዲ ይሆናል። ለሞገድ ግን አቡጀዲ ይዋሽሃል፤ ደረቅ ስለሆነ ሁለት ሞገድ ብቻ ያሳይህና ሳቲኑ አራት ሆኖ ይወርዳል። እኔ የተጠቀምኩት ርካሽ የገበር ሳቲን ነበር። የጨርቁ ክብደት ከመጨረሻው ጨርቅ ጋር ይቀራረብ እንጂ ቀለሙ ምን ያደርጋል።

ሃና
እኔ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ፣ ጥያቄው እኔን ይመለከት እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ይህንኑ ሞገድ አንገት በሽመና ጨርቅ ሥሪልኝ ብላኝ ነበር። በሰያፍ ልቁረጠው ብዬ ጥለቱን እያየሁ ለሁለት ቀን መቀሱን ማንሳት አቃተኝ። በመጨረሻ እምቢ አልኳት፤ ሌላ ቦታ ሄደች። በማኔኪን ቢሆን ይቻል ነበር?

እትዬ አስቴር
ሃናዬ፣ መቀሱን አለማንሳትሽ ነው ያዳነሽ። የእጅ ሽመና ሳሳ ብሎ ስለሚሠራ በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይተረተራል። ጥለቱ ደግሞ በጨርቁ ዳር ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው፤ በሰያፍ ከዞረ ደረቷ ላይ ተጣሞ ይቀራል። ማኔኪን ላይም ብትወጪ ይህ አይቀየርም። ለአንቺ የሚጠቅምሽ በሌላ መንገድ ነው፦ ጨርቁን ሳትቆርጪ ቀጥ አድርገሽ በስፒል ትይዢና ጥለቱ ከወገብ በላይ ነው በታች የሚያርፈው፣ ፊት ለፊት ሲገናኝ ይገጥማል አይገጥምም፣ ያንን ታያለሽ። ቅዱ ራሱ ቀጥ ያለ ስለሆነ በሜትርና በወረቀት ይበቃል። ሞገዱን የግድ ካለች ደረቱን በሌላ ለስላሳ ጨርቅ አድርገሽ ጥለቱን ከወገብ በታች አስቀሪው።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
በሰያፍ ስለመቁረጥ ካነሳን የራሴን ስህተት ልናገር። የምርቃት ቀሚስ፣ ሙሉ ክብ ጉርድ፣ በሥስ ጨርቅ። ማታ ጨርሼ ጫፉን አጠፍኩና ጠዋት አስረከብኩ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ፎቶ ላከችልኝ፦ ጉርዱ ፊት ለፊት ልክ ነው፣ ግራና ቀኝ ግን ወደ ሦስት ሴንቲሜትር ወርዶ መሬት ይነካል። ክብ ሲቆረጥ አንዳንዱ ክፍል ቀጥ፣ አንዳንዱ በሰያፍ ስለሚውል በሰያፍ የዋለው በራሱ ክብደት ይረዝማል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ከወገቡ ተሰቅሎ ካደረ በኋላ ከወለሉ እየለኩ ማስተካከል ነበረብኝ። ስለዚህ ማኔኪኑ ቁመቱ ከፍ ዝቅ የሚል እግር ይኑረው ብዬ ጽፌዋለሁ።

ሃና
ልክስ? የእኔ ደንበኞች አንዷ 84 ሌላዋ 110 ናቸው። ስድስት ማኔኪን ብንገዛም ለሁሉ አይገጥምም።

ሚኪያስ
በቁልፍ የሚሰፋና የሚጠብ አለ። አንድ እሱን መግዛት ነው፣ አለቀ።

እትዬ አስቴር
አየሁት። ሲሰፋ አካሉ በየመካከሉ ይከፈታል፤ ክፍተቱ የሚያርፈው ደግሞ ልክ ስፒል በምትፈልግበት በደረት መካከልና በጎን ላይ ነው። ለመለካት ይረዳል፣ ለመቅረጽ ግን አልወደድኩትም። እኔ ትንሹን እገዛና በጥጥ እሞላዋለሁ። ማኔኪኑ 88፣ ደንበኛዋ 96 ብትሆን የስምንት ሴንቲሜትር ልዩነት ዙሪያውን እኩል ቢሞላ ውፍረቱ 1.3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግን እኩል አይሞላም፤ የአንዷ ልዩነት ጡት ላይ ነው፣ የሌላዋ ጀርባ ላይ። ስለዚህ ከደረት ዙሪያ ሌላ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ ያለውን ቁመትና የጀርባ ስፋቷን ለኩ። ትልቁን ገዝቶ ማሳነስ እንደማይቻል አትርሱ።

ሚኪያስ
በጥጥ የተሞላ ማኔኪን ሦስት አባላት በየተራ ሲጠቀሙበት ማን ነው ሞልቶ ማን ነው የሚያወጣው? በቁልፉ ግን ሁሉም ያስተካክላል። በዚህ አልተስማማሁም።

እትዬ አስቴር
እሱ እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። አንድ ሐሳብ ግን ልጨምር። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሰያፍ በተቆረጡ ቀሚሶቿ የታወቀች ናት። አዲስ ቅድ የምትሞክረው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር። እኛም ለሥልጠናው ግማሽ ልክ ያለው ማኔኪን ብንገዛ ርዝመቱም ወርዱም ስለሚገመስ ተማሪዎች ከሚፈጁት ጨርቅ ሩቡ ብቻ ይበቃል። ሞገዱ ግን ትንሹ ላይ ደረቅ ሆኖ ይታያል፤ ጨርቁ ያው ሆኖ የሚንጠለጠለው ክብደት ስለሚያንስ ነው። ቅዱን ይማሩበት፣ የሞገዱን ውድቀት ግን አይመኑበት።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
እስካሁን በተባለው ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በቅድሚያ አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛና የፓተርን ካርቶን፣ ቀጥሎ ሁለት ሙሉ ልክና አንድ ግማሽ ልክ የመሥሪያ ማኔኪን ይገዛል። ዩኒፎርም፣ ሸሚዝ፣ ቀጥ ያለ የሐበሻ ቀሚስና ተባዝቶ የሚሰፋ ሁሉ በወረቀት ይወጣል። በሰያፍ የሚቆረጥ፣ ሞገድ ያለውና ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ቀሚስ በማኔኪን ተቀርጾ ወደ ወረቀት ይገለበጣል፤ ፓተርኑም የማኅበሩ ይሆናል።» ሁለቱ ማኔኪኖች በጥጥ የሚሞሉ ይሁኑ ወይስ በቁልፍ የሚስተካከሉ የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሑድ በድምፅ እንለየው።

ሃና
ፓተርኑ የማኅበሩ ይሆናል የሚለው አልተዋጠልኝም። ሃያ ደቂቃ ቆሜ የቀረጽኩትን ሞገድ ጎረቤቴ ነገ ይሰፋዋል ማለት ነው?

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
እሱን በቅንፍ አስገባሁት። እሑድ እሱም ይነሳ።

ጋሽ ዳንጊሶ
እኔ ኦቨርሎኩን አልረሳሁም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልኝ። ማኔኪኑን ለመግዛት የሚሄድ ሰው ካለ ግን አብሬ እሄዳለሁ። ስፒል ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው፤ ባለ ሱቁ እያየኝ ወግቼ ካልገባልኝ አንከፍልም።