20 መጽሐፍ ለ60 ተማሪ፦ እኩል አካፍዬ ወላጅ ተቆጣብኝ

ጥያቄ (መምህርት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን)

ሰላም ለሁላችሁ። 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ 60 ልጅ አለው፣ የደረሰኝ መጽሐፍ 20 ነው። አንድ ዴስክ ላይ 3 ልጅ ስለሚቀመጥ ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ መጽሐፍ ሰጠሁ። ማታ ማታ በተራ ይዘውት ይሄዳሉ። እኩል ካካፈልኩ ማንም አይከፋም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ተማሪ እናት መጣች። ቤታቸው ስልክ የለም። «አጠገቧ ያለው ልጅ መጽሐፉን በአባቱ ስልክ ያነባል። ተራው ሲደርስ ቦርሳው ውስጥ አሳድሮ ይመልሰዋል። የኔ ልጅ ግን ተራዋ እስኪመጣ የቤት ሥራዋን በሰው ደብተር ነው የምትሠራው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስልክ ለሌላቸው ላብዛ ብል ደግሞ የባለስልኮቹ ወላጆች ይመጡብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ (ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ድሬዳዋ)

እህቴ፣ ይሄ የማካፈል ጥያቄ ሳይሆን የወረቀት ጥያቄ ነው። ሙሉውን መጽሐፍ ማን ኮፒ አድርጊ አለሽ? የምዕራፉን መልመጃ ገጾች ብቻ አባዢና በትኚ። ፊትና ጀርባ ከሆነ ወረቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ወላጆች ትንሽ ትንሽ ያዋጡ፣ አለቀ።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በራሴ ኪስ ነው ያባዛሁት። ለሁለተኛው መዋጮ ስጠይቅ የከፈሉት በአብዛኛው እነዚያው ቤታቸው ስልክ ያላቸው ናቸው። ላልከፈለው ልጅ ወረቀቱን ልከልክለው?

መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

እኔ ብሆን ለሚሠራበት ነው የምሰጠው። የቤት ሥራ ሠርቶ የመጣ በሚቀጥለው ቀን መጽሐፉን ይወስዳል፣ ያልሠራ አይወስድም። ሰው በልፋቱ ነው ማግኘት ያለበት። መጽሐፉን ቦርሳ ውስጥ የሚያሳድረውም አደብ ይገዛል።

መልስ (መምህር፣ ሐረር)

ከላይ ያለው ወንድማችን አልገባውም። መጽሐፍ ያልወሰደ ልጅ የቤት ሥራ አይሠራም፣ የቤት ሥራ ስላልሠራ ደግሞ መጽሐፍ አይወስድም። በዚያው ዞሮ ዞሮ ይቀራል። ሽልማት ከሆነ በልፋት ይሁን፣ እስማማለሁ። መጽሐፍ ግን የመሥሪያ ዕቃ ነው። አናጢ መጋዝ የሚሰጠው ጥሩ ወንበር ከሠራ በኋላ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነገ ክፍል ስትገቢ «ቤቱ ስልክ ያለው እጁን ያውጣ» በያቸው። ለሌላቸው ሁለት እጥፍ ስጪ። በቃ።

መልስ (ባጃጅ የምነዳ፣ የ2 ልጆች አባት)

አቦ መምህር፣ እንደዚያ ከሆነ የኔ ልጅ እጁን ያወጣል። ስልክ አለና። ስልኩ ግን ከኔ ጋር ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ነው የምገባው። ስገባ ልጁ ተኝቷል፣ ባትሪውም አልቋል። አለው ትለዋለህ ወይስ የለውም?

ሌላው፣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የለኝም አይልም። እኔም በልጅነቴ አላልኩም። ባዶ እጄን አውጥቼ ነው ያደግኩት።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህር፣ ሐረር)

ልጄ፣ የባጃጁ አባት የተናገረውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። እጅ ማስወጣት ይቅር። ለእያንዳንዳቸው ብጣሽ ወረቀት ስጪና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ባለፈው ሳምንት ስንት ማታ የሒሳብ መጽሐፉን በስልክ ከፍተህ አነበብክ?» ስልክ አለህ ወይ አትበይ። ሦስት ማታና ከዚያ በላይ የከፈተውን አለው በይው። ሌላውን የለውም በይው፣ አባቱ ባለ ሁለት ስልክ ቢሆንም። ወረቀቱን ራስሽ ሰብስቢ፣ አለቃ እንዳይሰበስበው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። መጽሐፍ ከትምህርት ቤት የሚወጣው በሳምንት 5 ጊዜ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ማታ፣ ከዚያ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ይመለሳል። 20 መጽሐፍ በ5 ሲባዛ 100 ተራ ነው። ለ60 ልጅ እኩል ስታካፍዪው ለአንዱ ሁለት ተራ እንኳ አይሞላም። አንዳንዱ ሁለቴ፣ አንዳንዱ አንዴ ይደርሰዋል። እንበልና ወረቀቱን ስትቆጥሪ 32 ልጆች የላቸውም። የማታውን ተራ ለነሱ ብቻ ካደረግሽው ለእያንዳንዳቸው 3 ይደርሳል። 96 ነው። 4 ይተርፋል።

አራቷን አትጨምሪያቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየማታው አንድ መጽሐፍ እጅሽ ላይ ይቀራል ማለት ነው። እሱ ተጠባባቂ ነው። ስልኩ የተሰበረበት፣ አባቱ ክፍለ ሀገር የሄደበት ልጅ መጥቶ ይወስደዋል። ይቺ አንዲት መጽሐፍ ባትኖር ባለስልኮቹ ጭራሽ ተዘጋብን ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ቀን ክፍል ውስጥ ግን ምንም አትንኪ። ለአንድ ዴስክ አንድ መጽሐፍ፣ ለሁሉም እኩል። እዚያ የሁሉም ችግር አንድ ነው፣ ማንም ስልክ አያወጣም። ልዩነቱ የሚመጣው ቤት ሲገቡ ስለሆነ ማታውን ብቻ ለዪ። ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወይ ሁሉን እኩል ያደርጋል ወይ ሁሉን በችግር ይለያል።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የዓርብ ተራ እንደ ማክሰኞ ተራ አይደለም። አንዱ አንድ ማታ ነው፣ ሌላው ሦስት ማታ። በደብተር ላይ ሁለቱም «አንድ ተራ» ተብለው ይጻፋሉ፣ ልጆቹ ግን ልዩነቱን ካንቺ በፊት ያውቁታል። ዓርብ 20 መጽሐፍ ለ32 ልጅ ስለማይበቃ ዕጣ አውጪ፣ በፊታቸው። ያልደረሳቸው 12ቱ በሚቀጥለው ዓርብ ያለ ዕጣ ይወስዳሉ፣ የቀሩት 8 መጽሐፎች ብቻ ዕጣ ይወጣባቸዋል። ለመጽሐፎቹ ቁጥር ስጫቸው፣ ማን የቱን እንደወሰደ በደብተር ይፈረም።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ደንቡን ለክፍሉ ንገሪ። በኛ ቤት የዶሮ ብልት ሲከፋፈል ማንም አይጣላም፣ የማን ምን እንደሆነ ዶሮው ሳይታረድ ይታወቃላ። የሚያጣላው ወጡ ከቀረበ በኋላ የሚወጣ ደንብ ነው።

መልስ (የትምህርት ሥነ ልቦና አስተማሪ)

ጋሼ የመጨረሻ ላይ ያሉትን ልደግፍ። በ2012 እ.ኤ.አ. አሌክስ ሾውና ክሪስቲና ኦልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ አለ። ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች ታሪክ ነገሯቸው። ሁለት ልጆች ክፍላቸውን አጸዱ፣ ሽልማቱ 5 ላጲስ ነው። ሁለት ሁለት ደረሳቸው። አምስተኛዋን ለአንዱ እንስጥ ወይስ እንጣላት? ብለው ሲጠይቋቸው አብዛኞቹ ትጣል አሉ። ደህናዋ ላጲስ ቆሻሻ ውስጥ ትግባ እንጂ አንዱ እንዳይበልጥ። ግን «ከሁለቱ አንደኛው የበለጠ ሠርቷል» ሲባሉ ለሱ ይሰጠው አሉ።

እንግዲህ ልጅ የሚጠላው መበላለጥን ብቻ አይደለም፣ ምክንያት ያልተነገረውን መበላለጥ ነው። ያንቺዎቹ 7ኛ ክፍል ናቸው፣ ከነዚያ በዕድሜ ስለሚበልጡ ምክንያቱን ይበልጥ ይረዱሻል። ምክንያቱ ግን ስለ መጽሐፉ ይሁን፣ ስለ ልጁ አይሁን። «ማታ መጽሐፍ መክፈቻ ለሌለው» በይ። «ለድሃ ልጆች» ካልሽ በነጋታው 32 የነበሩት 10 ይሆኑብሻል።

መልስ (የ3 ልጆች እናት፣ ድሬዳዋ ከዚራ)

እኔ የመጽሐፍ ነገር አላውቅም፣ የቬንትሌተር ግን አውቃለሁ። ቤታችን አንድ ቬንትሌተር ነው ያለው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሌሊቱም አይበርድም። ድሮ በፈረቃ ነበር፣ ለሦስቱም ልጆች አንድ አንድ ሌሊት። ትልቁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ፈተና አለበት ብዬ እሱ ክፍል አስገባሁት። ትንንሾቹ አኮረፉ፣ ግን ቻሉት። እንደውም የ9 ዓመቷ ማታ ማታ ውሃ ታቀብለው ነበር።

ፈተናው አለቀ። ቬንትሌተሩ እዚያው ቀረ። አንድ ወር ሙሉ እሱ ተንጋሎ በስልክ ፊልም ያያል፣ ቬንትሌተሩ ለሱ ይዞራል። እኔም ረሳሁት። አንድ ቀን ትንሿ ገመዱን ነቅላ ደበቀችው። ስቆጣት «እማዬ፣ ፈተናው መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። አፈርኩ።

እና መምህርት፣ ለችግረኛው ስታበዢ እስከ መቼ እንደሆነ አብረሽ ቁረጪ። እኔ ያልቆረጥኩት እሱን ነው።

መልስ (ጡረታ የወጣው ርዕሰ መምህር)

እውነት ነው፣ ረስቼው ነበር። ወረቀቱን በየወሩ ደግመሽ አስሞዪ። ስልክ የገዛ አለ፣ የሸጠ አለ።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ሰበሰብኩ፣ እርስዎ እንዳሉት ባይሆንም ተቀራራቢ ነው። የሌላቸው 34 ሆኑ። ሦስት ሦስት ተራ ስለማይበቃ ሁለቱ በየሳምንቱ ሁለት ብቻ ይደርሳቸዋል፣ እነሱም በዕጣ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ምንም አልተረፈኝም። ተጠባባቂ እንዲሆን የራሴን የመምህር መጽሐፍ ነው የማውሰው።

የመጀመሪያዋ እናት ደስ ብሏታል። አንድ አባት ግን መጥቶ «ልጄ ስልክ ስላለው ይቀጣል?» አለ። ቀን ክፍል ውስጥ እንደሁሉም እኩል እንደሚጠቀም አሳየሁት። «ለስልኩ የከፈልኩት እኔ፣ የመንግሥት መጽሐፍ የሚወስደው ሌላ» ብሎ ሳይስማማ ሄደ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለትም አልቻልኩም።

ሌላም ነገር አለ። ከ34ቱ አንዷ ሦስቱንም ተራ ትወስዳለች፣ የቤት ሥራ ግን አንዴም አልሠራችም። ስጠይቃት ማታ እናቷ ከገበያ እስክትመለስ አራት ወንድሞቿን እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። መጽሐፉ ቤቷ ይገባል፣ እሷ ግን ጊዜ የላትም። ጠዋት ፈረቃችን ከመጀመሩ በፊት 30 ደቂቃ ክፍሉን እየከፈትኩላት ነው። ትናንት ሌሎች ሦስት ይዛ መጣች።

መልስ (ባጃጅ የምነዳ)

መምህርት፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው? የኔንም ላድርሰው።