«10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» እና «ከምረቃ በኋላ የተገኘ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» እንዴት ይቆጠራሉ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 በጋዜጣ የወጣ የአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለሒሳብ ባለሙያ መደብ «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት ከምረቃ በኋላ የተገኘ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ይጠይቃል። ምዝገባው «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ነው ይላል። እኔ በማታ እየተማርኩ ከመስከረም 2014 እስከ ጥቅምት 2017 በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ፤ የተመረቅኩት ሐምሌ 2015 ነው። መመዝገብ እችላለሁ? የመጨረሻው ቀንስ መቼ ነው?

አባል፣ ከአዳማ፦ 10 ቀን ስለሚል ጥር 13 ያበቃል፤ ፈጥነው ይሂዱ። የግል ድርጅት ልምድ ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አይያዝም፤ በከንቱ እንዳይደክሙ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ፦ ፈጥኖ መሄዱ ጥሩ ምክር ነው፤ ቆጠራው ግን እንዲህ አይደለም። «የሥራ ቀናት» ከተባለ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠሩም፤ «ተከታታይ» የሚለውም እነዚህን ቀናት አያስገባቸውም። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ስለሚል ጥር 4 ራሱ አንደኛው ቀን ነው፤ ዓርብ ጥር 8 አምስተኛው ይሆናል። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት በመሆኑ ይዘለላል፤ ማክሰኞ ጥር 12 ስድስተኛው፣ ዓርብ ጥር 15 ዘጠነኛው፣ ሰኞ ጥር 18 ደግሞ አሥረኛውና የመጨረሻው ቀን ነው።

የግል ድርጅት ልምድም ማስታወቂያው በግልጽ ካልከለከለ በስተቀር ይያዛል። ጥያቄው የትኛው ጊዜ ይቆጠራል የሚለው ነው። ከሐምሌ 2015 በፊት የሠሩት ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ለዚህ መደብ አይታሰብም። ከሐምሌ 2015 እስከ ጥቅምት 2017 ያለው ግን ከ2 ዓመት ስለሚበልጥ መስፈርቱን ያሟላሉ። የቀረው ጉዳይ የልምድ ማስረጃዎ ምን ብሎ እንደተጻፈ ነው። «በሒሳብ ክፍል ሠርተዋል» ብቻ ካለ መዝጋቢው ገንዘብ ያዥ ይሁኑ የሒሳብ ሠራተኛ ለይቶ ማወቅ ስለማይችል «አግባብነት» የሚለው ላይ ሊጥልዎት ይችላል። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሠሩ፣ ደመወዝዎ፣ ማኅተምና ፊርማ እንዲኖርበት አድርገው ያስጽፉ።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ እኔ ባለፈው ዓመት የወደቅሁት በዚሁ ነው። 3 ዓመት የሠራሁበት ድርጅት የሰጠኝ ደብዳቤ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ መዝጋቢዋ ግን «የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ነገር የለውም» ብላ መለሰችልኝ። ድርጅቱ ጽፎ እስኪሰጠኝ ድረስ ምዝገባው አለፈ። የማስታወቂያው የግርጌ ማሳሰቢያ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ እኔ ሠንጠረዡን ብቻ አንብቤ ነበር የሄድኩት።

አባል፣ ከጅማ፦ እኔ ደረጃ 4 ነኝ፤ የብቃት ማረጋገጫ የለኝም። ለዚህ መደብ ያስመዘግበኛል?

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ የጅማው ወንድማችን፣ ይህ መደብ ዲግሪ ስለሚጠይቅ ለእርስዎ አይሆንም። የብቃት ማረጋገጫው በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ለሚወዳደሩ ነው የሚጠየቀው፤ እርስዎ የሚወዳደሩበት ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ያስፈልግዎታል። የደሴው ጠያቂ ደግሞ፣ ስለ ሥራ ግብሩ ከባሕር ዳር የተነገረው ትክክል ነው፤ በልምድ ደብዳቤዎ ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬን ሳየው የጀመርኩበት ቀን አለ፣ የለቀቅኩበት ግን የለም፤ ነገ ድርጅቱ ዘንድ እሄዳለሁ። ፈተናው ላይስ ከደሴ ስንት ጊዜ መመላለስ ይኖርብኛል?

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ በመጀመሪያ ለምዝገባ ይመጣሉ፤ በሕጋዊ ወኪል መመዝገብ የሚፈቅድ ከሆነ ማስታወቂያው ይገልጸዋል። ዲግሪዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና የልምድ ማስረጃዎን ዋናውንም ፎቶ ኮፒውንም ይያዙ፤ ኮፒው አይመለስም፣ ዋናው ለማመሳከር ብቻ ነው። ከዚያ መስፈርቱን ያሟሉት ተለይተው ለጽሑፍ ፈተና ይጠራሉ፤ ያለፉት ደግሞ በሌላ ቀን ለቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። የፈተናው ቀን ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሆነ፣ ስልክ ይደወልልኛል ብለው ብቻ አይጠብቁ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በየሁለት ቀኑ ሰሌዳውን ቢያይልዎት ይሻላል።

አባል፣ ከአዳማ፦ ስለ ቆጠራው ተሳስቻለሁ። ነገር ግን ቅዳሜን ግማሽ ቀን የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ እነሱ ቅዳሜ ጥር 9ን ቢቆጥሩ 10ኛው ቀን ዓርብ ጥር 15 ላይ ይውላል።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ እኔ በሠራሁባቸው ቅዳሜ ተቆጥሮ አያውቅም፤ የዚህኛውን ግን በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውለው ይጠይቁ። እስኪያረጋግጡ ድረስ የመጨረሻው ቀን ጥር 15 ነው ብለው ያስቡ።