«ፈረንጅ ቀልድ አይገባውም» ተብሎ ይታለፋል?

ባለጀልባው፦ ትናንት ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ አንዱ «ፈረንጅ ቀልድ አይገባውም፤ ኢሜይላችሁን ድርቅ አድርጋችሁ ጻፉ» አለን። አናደደኝ። እኔ ለአንዲት ጀርመናዊት የጉዞ ድርጅት ኃላፊ «ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ባሎች አንድ ሰዓት እፎይ ይላሉ» ብዬ ጽፌ መልስ አጣሁ። ጀልባ ላይ ሁሌ ያስቃል እኮ! እውነት ጥፋቱ የቀልዱ ነው?

የዘጌ ልጅ፦ ሰውየው ልክ ነው። ጀርመን ቀልድ አይወድም።

አስጎብኚዋ፦ ኧረ ይወዳሉ! አሥር ዓመት አብሬያቸው ዞሬያለሁ፣ ሲስቁ ነው የሚውሉት። ግን ለማያውቁት ሰው መጀመሪያ ሲጽፉ በቤተሰብ ስሙ ነው የሚጠሩት። ወንድሜ፣ አንተ እንደኛ «ወይዘሮ» ብለህ በራሷ ስም ጠርተሃት ከሆነ ከቀልዱ በፊት ተቀራርበሃታል። ጀልባ ላይ የሚስቁት ደግሞ ፊትህን አይተው ነው። ኢሜይል ላይ ፊትህ የለም። ሴትየዋ ያነበበችው «ሴት ሸክም ናት» የሚለውን ብቻ ነው።

ባለጀልባው፦ እንዲህ አላልኩም!

አስጎብኚዋ፦ አላልክም፤ ግን እንዲያ ይነበባል። እኔንም ጀልባ ላይ ስሰማው ይከፋኛል። ደግሞ ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን አልነገርካትም። ሴቶቹ ያን ሰዓት የት ይሆናሉ? «ወንዶቹ ክብራን ሲገቡ ሴቶቹን አጠገቡ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ እወስዳለሁ፤ እዚያ ይገባሉ» ብትል ኖሮ ዕቅዷ ውስጥ ታስገባው ነበር።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እኔ ለደንበኞቼ በሰምና ወርቅ ነው የምጽፈው፤ ሁሉም ይመልሱልኛል።

አስጎብኚዋ፦ ደንበኞችህ አማርኛ ተናጋሪ ናቸዋ! ወርቁ ሲተረጎም ይጠፋል፣ ሰሙ ብቻ ይደርሳል።

የዘጌ ልጅ፦ ታዲያ «ቀልድ አይገባውም» ማለት ይኸው አይደል?

አስጎብኚዋ፦ አይደለም። ያልደረሰው ነገር እንዴት ይገባዋል? በሰው ላይ ያልተቀለደና በቃላት ጨዋታ ያልቆመ ይደርሳል። እኔ «ጉማሬዎቹ ቀጠሮ አያከብሩም፤ ጠዋት ካልታዩ ማታ እንመለሳለን» እላለሁ። ያም ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ነው፣ እሷ ፈታ ብላ ከጻፈች። መጀመሪያው ላይ መንገዱ፣ ሰዓቱና ዋጋው ይበቃል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ይሄኛውም ያሰጋኛል። ስለ ኢትዮጵያ ሰዓት አክባሪነት ክፉ የሰማ ሰው «ቀጠሮ አያከብሩም» የሚለውን ቢያነብ ጉማሬውን ሳይሆን እኛን ያስባል።

አስጎብኚዋ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ማንም እንዲያ አላለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦ ለባለጀልባውም ማንም ምንም አላለውም። ዝም ነው ያሉት።

ባለጀልባው፦ ዝምታው ከቀልዱ ይሁን ከሌላ በምን ልወቅ? ኢሜይሉ ሳይደርሳትስ ቀርቶ ቢሆን?

አስጎብኚዋ፦ በአንድ ዝምታ አይታወቅም። ያለ ቀልድ፣ እንጦስን ጨምረህ እንደገና ጻፍላት።

የዘጌ ልጅ፦ ድርቅ አድርገህ ማለት ነው። ሰውየው ያለውን!