«48 ሰዓት ጠብቁ» መልስ ነው ወይስ ማምለጫ?

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ «የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ድረ ገጽ ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተለቀቀ። በእኔ ስልክ አዲሱ ገጽ ይከፈታል። በጸሐፊው ኮምፒውተር ግን ዶሜይኑን የሸጠልን ድርጅት ‹ይህ ስም ተይዟል› የሚለው የቆየ ገጽ ይመጣል። ሊቀ መንበሩ በ www ጀምረው ሲጽፉ ደግሞ ከነጭራሹ የለም ይላቸዋል። የሠራልን ባለሙያ ‹ዲኤንኤሱ እስኪሰራጭ 48 ሰዓት ጠብቁ› ብሎናል። ለአባላት የምናወጣውን ማስታወቂያ እናቆየው ወይስ ይህ የሥራ ጉድለት መሸፈኛ ነው?»

ከቡሬ፦ ለእኔ ጉዳዩ የኔትወርክ መዳከም ይመስለኛል። ባለፈው ክረምት የሱቄን ገጽ ስከፍት ነጭ ሆኖ ይቆይና ማታ ላይ ደህና ይሠራ ነበር። ባለሙያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሌሊት ሞክሩት።

ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ገጽ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፤ የደብረ ማርቆሱ ግን የተለየ ነው። የደከመ ኔትወርክ ገጹን ያዘገያል እንጂ የሌላ ድርጅት ገጽ አያመጣም። የጸሐፊው ኮምፒውተር በፍጥነት ደርሷል፤ የደረሰው ግን የቆየው አድራሻ ጋ ነው።

ዲኤንኤስ የገጽን ስም ከአድራሻው ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው፤ «ይሰራጫል» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። አዲሱ አድራሻ የዶሜይኑን መዝገብ ከያዘው ሰርቨር፣ ከዋናው ኔምሰርቨር፣ ተነሥቶ ወደ ማንም አይላክም። ስልካችን የገጽን ስም ሲያገኝ አድራሻው ምን እንደሆነ በመሃል ያለ ሰርቨርን ይጠይቃል፤ ያ ሰርቨር ከዋናው ያመጣውን መልስ ለተወሰነ ሰከንድ ይዞ ያቆየዋል፤ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ተመልሶ አይጠይቅም። የሰከንዱን ልክ፣ ቲቲኤል የሚባለውን፣ የሚወስነው ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ሰው ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን ሁለት ነገር ይንገሩን፦ ባለሙያው የቀየረው ኔምሰርቨሩን ነው ወይስ አድራሻውን ብቻ? የቀድሞው ቲቲኤልስ ስንት ነበር?

ጠያቂው፦ ኔምሰርቨሩ እንዳለ ነው፤ የተቀየረው የኤ ሪከርዱ ብቻ ነው። ቲቲኤሉ 14400 ይላል፤ አልተነካም።

ከባሕር ዳር፦ እንግዲያው 48 ሰዓቱ የዚህ ጉዳይ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ከባዶ የመጣ ግን አይደለም፦ በ .com መዝገብ ውስጥ የአንድ ዶሜይን ኔምሰርቨሮች የሚጻፉበት ሪከርድ ቲቲኤሉ 172800 ሰከንድ ማለትም ሁለት ቀን ስለሆነ፣ ኔምሰርቨር ሲቀየር እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አግባብ ነው። የእናንተ 14400 ሰከንድ ግን 4 ሰዓት ነው። ልክ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል የቆየውን አድራሻ የወሰደ ሰርቨር እንኳ ቀን 7 ሰዓት ላይ መጣል አለበት።

ይህን በግምት መተው አያስፈልግም፤ ይለካል። ጠያቂያችን የጣቢያውን ስም በውስጥ መስመር ስለላኩልኝ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ dig በሚባለው ትእዛዝ ሁለት ሰርቨሮችን ጠየቅሁ፤ እዚህ ስሙንና አድራሻዎቹን በምሳሌ ተክቻቸዋለሁ፦

```
dig +noall +answer example.com A @8.8.8.8
example.com.  9000   IN  A  192.0.2.10

dig +noall +answer example.com A @ns1.example.net
example.com.  14400  IN  A  203.0.113.25
```

ሁለተኛው ዋናው ኔምሰርቨር ነው፤ አዲሱን አድራሻ ይዟል፣ ስንት ጊዜ ብትጠይቁትም ሙሉውን 14400 ይመልሳል። የመጀመሪያው ግን በመሃል ያለ የጉግል ሰርቨር ነው፤ የቆየውን ይዞ ወደ ታች እየቆጠረ ነው፤ 9000 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ስለዚህ መልሱን የወሰደው 2 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ገጹ ሊለቀቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ነበር፤ የሚጥለውም 6 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። የጠያቂው ስልክ በሌላ ሰርቨር በኩል ስለሚጠይቅና ያ ሰርቨር የቆየውን ስላልያዘ አዲሱን አገኘ።

ከዳንግላ፦ እኔም ድረ ገጽ እሠራለሁ። ይህን ያህል መቁጠር ምን ያደርጋል? ቲቲኤሉን አሁኑኑ ወደ 300 ማውረድ ነው፤ በ5 ደቂቃ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ከባሕር ዳር፦ ቲቲኤል ማውረዱ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። የቆየውን መልስ የያዘው ሰርቨር ከነ 14400ው ወስዶታል፤ እስኪጨርስ ድረስ ዋናውን ስለማይጠይቅ 300 መባሉን የሚሰማበት መንገድ የለውም። ቲቲኤሉ ትናንት ማታ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሰው በ5 ደቂቃ ይገባ ነበር። በባለሙያው ላይ የማየው አንዱ ጉድለት ይህ ነው።

ከዳንግላ፦ መውረድ የነበረበት ቀድሞ እንደነበር እስማማለሁ። ነገር ግን ቲቲኤል የማያከብሩ ሰርቨሮች አሉ፤ የቢሮ ራውተርና ብሮውዘርም የራሳቸውን ይይዛሉ። ባለሙያው 48 ያለው ለጥንቃቄ ይሆናል። እኛ ሠራተኞች «4 ሰዓት» ብለን አንድ ሰው በ5ኛው ሰዓት ካልተከፈተለት የምንሰደበው እኛ ነን።

ከባሕር ዳር፦ መኖራቸው እውነት ነው። ቢሆንም የአንድ ቢሮ ራውተር በማጥፋትና በማብራት፣ ብሮውዘር በመዝጋትና በመክፈት ይስተካከላል። ጥንቃቄ ከሆነ ደግሞ «እስከ 7 ሰዓት አብዛኛው ይስተካከላል፣ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል» ማለት ይቻል ነበር።

ከሞጣ፦ እንደገባኝ ከሆነ ሰርቨሩ ቅዳሜ ገበያ የሰማውን የጤፍ ዋጋ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚያወራ ሰው ነው። ይህ የጸሐፊውን ገጽ ያስረዳኛል። የሊቀ መንበሩስ? እሳቸው የቆየ ገጽ አላዩም፤ ምንም የለም ነው የተባሉት።

ከባሕር ዳር፦ እህቴ፣ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። ሰርቨር «የለም» የሚለውንም መልስ ይዞ ያቆያል። ሊቀ መንበሩ የ www ሪከርድ ሳይጻፍ ቀድመው ሞክረው ከሆነ፣ ከተጻፈ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ «የለም» ይባላሉ፤ በዚያ ቅጽ ያልሞከረ ሰው ግን ወዲያው ይገባል። የዚህ ቆይታ ከዶሜይኑ የኤስኦኤ ሪከርድ ይወሰናል፤ የእናንተ 3600 ነው፣ አንድ ሰዓት። አሁን ግን 5 ሰዓት ሊሆን ነው። በሊቀ መንበሩ ኮምፒውተር የሚታየው ጽሑፍ ምን ይላል?

ጠያቂው፦ DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN ይላል። በእኔ ስልክም በ www ስጽፍ ያው ነው።

ከባሕር ዳር፦ ይህ «ስሙ የለም» ማለት ነው። እንግዲያው በመሃል ያሉትን ትተን ዋናውን እንጠይቅ። ጠይቄዋለሁ፤ www የሚባል ሪከርድ የለውም። ይህ እስኪጻፍ ድረስ 48 ሰዓትም 48 ቀንም ብትጠብቁ አይመጣም፤ ሰርቨሮቹ የያዙት «የለም» በየሰዓቱ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ጠይቀው ያንኑ «የለም» ይወስዳሉ።

ከቡሬ፦ ስለዚህ ባለሙያው ዋሽቷል ማለት ነው?

ከባሕር ዳር፦ ስለ ሐሳቡ አልፈርድም። የጸሐፊው ችግር በመጠበቅ የሚያልፍ ነበር፤ የሊቀ መንበሩ ግን መጻፍ የነበረበት አንድ መስመር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል ሸፈናቸው። ማስታወቂያውን በተመለከተ የ www ሪከርዱ ዛሬ ከተጻፈ ማታ ማውጣት ይቻላል ባይ ነኝ።

ከሞጣ፦ በዚህ ላይ አልስማማም። አባላቱ በአብዛኛው በልጆቻቸው ስልክ የሚያዩ አርሶ አደሮች ናቸው፤ አንድ ጊዜ «ይህ ስም ተይዟል» የሚል ያየ ሰው ማኅበሩ ተታልሏል ብሎ ያወራል፤ ተመልሶ አይሞክርም። ከነገ ወዲያ ቢወጣ ማንም አይጎዳም።

ከዳንግላ፦ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ያም ቢሆን 48 ሰዓት ሆነ።

ጠያቂው፦ 7 ሰዓት ከ15 ላይ በጸሐፊው ኮምፒውተር አዲሱ ገጽ ተከፍቷል። የ www ሪከርዱን ባለሙያው 6 ሰዓት ላይ ጻፈው፤ በእኔ ስልክ ይሠራል፣ በሊቀ መንበሩ ኮምፒውተር ግን እስካሁን የለም ይላል። ማስታወቂያውን ኮሚቴው ማታ ይወስናል፤ እኔ ግን ለሥራው የቀረውን ክፍያ እስከዚያ ይዤዋለሁ።

ከባሕር ዳር፦ በሊቀ መንበሩ ኮምፒውተር 6 ሰዓት ሊሞላ ሲል ሞክረው ከሆነ እስከ 7 ሰዓት ያህል ይቆይ ነበር፤ አሁን አልፏል። ብሮውዘሩን ዘግተው ኮምፒውተሩ ራሱ የያዘውን መልስ የሚያስጥለውን ipconfig /flushdns ያስኪዱና ገጹ እንደገና ሲከፈት የሚያወጣውን ጻፉልኝ። ክፍያው የእናንተና የእሱ ጉዳይ ነው።