የፊርማ ካርዳችን ይስተካከል፦ የደሴው ቅሬ፣ የቀብር እድራችን፣ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፣ ሰኞ ማታ
በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ጠይቄ የፊርማ ናሙና ካርዳችንን ቅጂ ከባንክ አውጥቻለሁ። ድንኳኑን ለመግዛት አንድ ብር ከማውጣታችን በፊት ይህ ነገር መታየት አለበት። በ2011 የፈረምነው ቃለ ጉባኤ «ገንዘብ ያዥ እና ከሊቀመንበሩ ወይም ከጸሐፊው አንዱ» ይላል። ካርዱ ግርጌ ላይ ግን በእጅ ጽሑፍ «ከሦስቱ ሁለቱ በጣምራ፤ እስከ 5,000 ብር ሊቀመንበር ለብቻው» ተብሎ ሰፍሯል። በሒሳቡ ያለው 186,400 ብር ነው። ካርዱ ወደ ቃለ ጉባኤው እንዲመለስ የጋራ ሐሳብ እንጻፍ።

የሆጤው አባል
ይህ የባንኩ ጥፋት ነው። ቃለ ጉባኤውን ተቀብለው ፋይል አድርገዋል። እንደ ቃለ ጉባኤው መክፈል ግዴታቸው ነው፤ ሌላ ስብሰባ ምን ያስፈልጋል?

ገንዘብ ያዧ
ቅጂውን አየሁት። ስሜ ሦስተኛ ተራ ላይ ነው። ሊቀመንበራችን ዳኛው አንደኛ፣ ጸሐፊው ሁለተኛ፣ እኔ ከታች። የሰው መዋጮ በእጄ ስቆጥር ያረጀሁ ሴት ከጸሐፊ በታች የምጻፈው በየትኛው ሥርዓት ነው?

ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ
እትዬ፣ የስም ተራ ምንም ሥልጣን አይሰጥም፣ አይነሳምም። ሥልጣን ያለው ግርጌ ላይ ባለችው አንዲት መስመር ነው።

ለሆጤው ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ቃለ ጉባኤው ሒሳቡ የሚከፈትበትና ፈራሚ የሚቀየርበት ሰነድ ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን እሱን አያይም። የወጪ ማዘዣውን ይቀበላል፣ ካርዱን ይከፍታል፣ ፊርማና ፊርማ ያስተያያል፣ ከዚያ የግርጌዋን መስመር ያነባል። «ከሦስቱ ሁለቱ» የሚል ካየ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ፈርመው ቢመጡ ገንዘብ ያዧ ሳያውቁ 186,400ውንም ይከፍላል። ቢከፍልም ጥፋት አልሠራም። በኋላ ብንከሰው ካርዱን አውጥቶ ያሳየናል፤ ሦስታችሁም ፈርማችሁበታል።

ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የ5,000ው ነገር ነው። እስከ 5,000 ይላል እንጂ በቀን ወይም በወር አይልም። ጠዋት አንድ ማዘዣ፣ ከሰዓት ሌላ፣ በማግስቱ ሦስተኛ። እያንዳንዱ ልክ ነው። በሠላሳ ሰባት ማዘዣ 185,000 ብር በአንድ ሰው ፊርማ ይወጣል።

ዳኛው
እኔን ሌባ ማለት ነው እንግዲህ።

ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ
ጋሼ፣ ስለ መስመሯ ነው የተናገርኩት። ነገ ሌላ ዳኛ ይመረጣል፣ መስመሯ ግን እዚያው ትቆያለች።

ዳኛው
መስመሯን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳስጻፍኩም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ከተማው ሲያዝ ገንዘብ ያዧ አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ደሴ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሬሳውን ቤት ውስጥ አስተኝተን ከፈን የገዛነው ከጎረቤት በተበደርነው ብር ነው። በቀጣዩ ዓመት ካርዱ ሲታደስ «ይህ አይደገምም» ብዬ አስጻፍኩ።

የሸዋ በሯ አባል
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ያን ብድር እኔም ሰጥቻለሁ። ግን በዚያን ሰሞን ባንኩም ዝግ ነበር። አንድ ፊርማ ቢሆን አሥር ፊርማ አንድ ብር አያወጣም ነበር። ያጣነው ፊርማ ሳይሆን ቤት የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ያዧ
አዲስ አበባ የሄድኩት ልጆቼን ይዤ ነው። ይህ በየስብሰባው የሚነሳብኝ እስከ መቼ ነው? የስሜን ጉዳይም ማንም አልመለሰልኝም።

የኮምቦልቻው
በጣምራ ፊርማ እኔም ተቃጥያለሁ። ከወንድሜ ጋር የጋራ ሒሳብ ስንከፍት ቅጹ ላይ «እና/ወይም» የሚል ነበር፣ አንዱን ሳንሰርዝ ፈረምን። ጅዳ ሆኜ የላክሁትን ወንድሜ ብቻውን አወጣው። ስጠይቅ «ወይም አልተሰረዘም» አሉኝ። ስለዚህ የቤተሰብ ሒሳብ አትክፈቱ።

የሆጤው አባል
የቤተሰብ ሒሳብ ማን ከፈተ? የምናወራው ስለ ቅሬው ነው።

ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ
የእሱም ነገር ይጠቅመናል። አዲሱ መስመር «እና» ካለ «ወይም» የሚለው የትኞቹን ሰዎች እንደሚያማርጥ አሻሚ መሆን የለበትም። እኔ ብጽፈው፦ «የገንዘብ ያዥ ፊርማ በማናቸውም ክፍያ ላይ ግዴታ ሲሆን፣ ከሊቀመንበር ወይም ከጸሐፊ የአንዱ ፊርማ ይታከልበታል። ለብቻ መፈረም የለም።» ለአስቸኳይ ቀብር 10,000 ብር ገንዘብ ያዧ ቤት ይቀመጥ፣ በደረሰኝ ይወራረድ።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ገንዘብ ያዧ ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ፣ አዲስ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ አዲስ ካርድ እስኪሞላ ሒሳቡ ቆሞ ይቀራል። «ከሦስቱ ሁለቱ» እዚህ ላይ ይሻላል። ምረጡ።

ገንዘብ ያዧ
ገና ሳልሞት ሞቴን ተማከሩበት! 10,000 ቤቴ ይቀመጥ ትላላችሁ፣ ሌባ ቢገባስ? የብረት ሳጥን ግዙልኝ።

የሸዋ በሯ አባል
ሳጥን እኔ ቤት አለ፣ ያረጀ ቢሆንም ቁልፉ ይሠራል።

ዳኛው
ለብቻ መፈረሙ ይቅር፣ ግድ የለኝም። ግን በ2015 ካርዱ ሲታደስ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ በድብቅ አልተሠራም። ባንኩ ያለ ቃለ ጉባኤ መስመር አይቀይርም።

ጸሐፊው
እኔ ጋ ያለው ፋይል ውስጥ የለም። የሰነድ ሳጥኑ ያለው ማን ጋ ነው?

የእቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ
ሳጥኑ እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ከፍቼ አመጣለሁ።

የሆጤው አባል፣ ዓርብ
ሐሙስ አለፈ።

የሸዋ በሯ አባል
የስም ተራውን እንጨርሰው። ገንዘብ ያዧ አንደኛ ይጻፉ፣ ምን ይጎድልብናል?

ዳኛው
ዳኛ ከታች ሆኖ ገንዘብ ያዥ ከላይ የሚጻፍበት ቅሬ በደሴ አይቼ አላውቅም። በዚያ ከሆነ ሦስታችንንም በፊደል ተራ ጻፉን።

የሆጤው አባል
በፊደል ተራም ጸሐፊው አንደኛ ይሆናል።

ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ
ወላሂ ሠላሳ ዓመት ባንክ ስሠራ ስለ ስም ተራ የተጣላ ፈራሚ አላጋጠመኝም። ጋሼ፣ ከተራው ይልቅ ፊርማዎን ይዩት። ካርዱ ላይ ያለው ረጅም ጅራት አለው። ባለፈው ለወንበር ኪራይ የፈረሙት ግን ጅራት የለውም። ማዘዣው ሁለት ጊዜ ተመልሶ የመጣው ለዚህ ነው። አዲሱ ካርድ ላይ ዛሬ የሚፈርሙትን ይፈርሙ፣ የድሮውን አያስታውሱ።

ዳኛው
እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራቱን ትቼዋለሁ።

ጸሐፊው፣ እሑድ
እስካሁን ያለው ረቂቅ፦ ለብቻ መፈረም ይሰረዛል። የገንዘብ ያዧ ፊርማ ግዴታ ይሁን ወይስ ከሦስቱ ሁለቱ የሚለው ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። የብረት ሳጥን የሸዋ በሯ አባል ያመጣሉ። ስሞች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፣ ባንኩ ከፈቀደ። የማኅተሙ ቀለም ስለደረቀ አዲስ ማኅተም ይሠራል፣ ዋጋው ከድንኳኑ በጀት ይነሳል።

የኮምቦልቻው
ማኅተሙ ላይ ጦሳ ተራራ ይሳልበት።

ገንዘብ ያዧ
ጎን ለጎን ከሆነ በቀኝ ነው የምጻፈው ወይስ በግራ?

የሆጤው አባል
ድንኳኑስ?

ጸሐፊው
ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ባንኩ በር ላይ እንገናኝ፤ ሦስቱም ፈራሚዎች መታወቂያና ፎቶግራፍ ይዛችሁ። የድሮው ካርድ እንዲሰረዝ የምንጽፈው ደብዳቤ የ2015ቱን ቃለ ጉባኤ ቀን ይጠቅሳል፤ ቀኑን የሚያውቅ ይንገረኝ። የሰነድ ሳጥኑ እሱ ጋ ያለው ሰው እስካሁን መልስ አልሰጠም።