ዶሮ ወጥ ከበላሁ በኋላ መጀመሪያ ጨጓራዬን፣ በማግስቱ ፊንጢጣዬን አቃጠለኝ

ጠያቂ፦ የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ በልቼ ተኛሁ። ብዙም ሳልቆይ ከደረቴ ሥር ያቃጥለኝ ጀመር። በማግስቱ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደግሞ ፊንጢጣዬን ለበለበኝ። ደም የለውም። ሆድ ውስጥ የተፈጨ ምግብ እንዴት እንደገና ያቃጥላል? በጾሙ ሽሮና ምስር ወጥ ስበላ እንዲህ አልሆንኩም።

የመርካቶው፦ የጨጓራ አሲድ ነው ወንድሜ። ሲበዛ እስከ ታች ይወርዳል። ተልባ ጠጣበት።

ነርሷ፦ የሌሊቱን አሲድ ማለትህ ልክ ነው፤ የማግስቱ ግን ሌላ ነው። አሲዱ ከጨጓራ እንደወጣ ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ ያበርደዋል። እስከ ታች የሚዘልቀው በርበሬውን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ነው። ከፊሉ ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ምላስ ላይ “ይፋጃል” የሚለው ነርቭ ጨጓራም ፊንጢጣም ላይ ስላለ፣ ምንም ሳይቆስል ያቃጥላል።

ጠያቂ፣ በጾሙም በርበሬ በልተሃል፤ ቅቤ ግን 55 ቀን አልቀመስክም። ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ከላይ ያለውን መዝጊያም ያላላል። በዚያ ላይ ወዲያው ስትተኛ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቃር የምንለው እሱ ነው። ከበላህ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳትተኛ ቆይ።

ጠያቂ፦ እኔማ አንድ ሊትር ውሃ ጠጥቼ ነው የተኛሁት!

ነርሷ፦ ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ውሃው ሆድህን ነፋው እንጂ አልረዳህም። ከወጡ ጋር አይብ ወይም እርጎ ብትበላ ይሻልሃል። ታች ሲያቃጥልህ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠብ፤ ሳሙና ያባብሰዋል። ደረቅ አድርገህ ቫዝሊን ስስ አድርገህ ቀባ።

የልጆች እናት፦ እኔም በርበሬ ነው ስል ከርሜ ሐኪሙ “ፊንጢጣሽ ተሰንጥቋል” አለኝ። ኪንታሮት እንዳይሆን ተመርመር ወንድሜ።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ከሽንት ቤት ከወጣሽ በኋላም ለሰዓታት እንደ ስለት ይወጋሽ አልነበር?

የልጆች እናት፦ አዎ፣ ወረቀቱ ላይም ደም ነበር።

ነርሷ፦ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። የበርበሬው ማቃጠል በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ደም ከታየ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ጨጓራው በርበሬ ሳይበላም የሚያም ከሆነ ግን መመርመር ነው።

ከፍራንክፈርት፦ አገር ቤት ሚጥሚጣ በየቀኑ እበላ ነበር፤ አሁን ትንሿም ታቃጥለኛለች። ጨጓራዬ ተጎድቶ ይሆን?

ነርሷ፦ አዘውትሮ ሲበሉት ነርቮቹ ይለምዱታል፣ ሲተዉት ልማዱ ይጠፋል። ያንተ ያ ብቻ ይሁን አይሁን ግን ሳልመረምርህ አልልም።

ጠያቂ፦ ትናንት የተረፈውን ወጥ በአይብ በልቼ አምሽቼ ተኛሁ። ሌሊቱን ሰላም አደርኩ፤ ጠዋት ታች ግን ትንሽ አቃጠለኝ።